ፋ እና ሲ፦ ቶኒክ፣ ሰብዶሚናንትና ዶሚናንት በአራት ኮርድ

ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ማታ ማታ የአንደኛ ዓመት የሙዚቃ ተማሪዎችን ቲዎሪ አስጠናለሁ። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ነጭ ሰሌዳና ስድስት ወንበር አለን። አንድ ማክሰኞ አራት ኮርዶችን እየደጋገምኩ ስጫወት፣ ሦስተኛው ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ። ክፍሉ ጨለመ፣ ኪቦርዱም ዝም አለ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ቀስ ብላ «ዶ» ብላ አዜመች።

ማንም ዘምሪ አላላትም። ሦስተኛው ኮርድ ተንጠልጥሎ ስለቀረባት ራሷ አወረደችው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያች ቅጽበት ነው። ሦስተኛው ኮርድ ላይ ቆመን ለምን አራተኛውን እንጠብቃለን? አንደኛው ላይ ብንቆም ኖሮስ ለምን ምንም አንጠብቅም ነበር? መልሱ ቶኒክ፣ ሰብዶሚናንትና ዶሚናንት በሚባሉት ሦስት ሥራዎች ውስጥ አለ። ሦስቱን ደግሞ ከሁለት ድምፆች ተነስቶ መረዳት ይቻላል፤ ከፋ እና ከሲ።

ኪቦርድ ወይም ፒያኖ አጠገባችሁ ቢሆን ጥሩ ነው። ስልክ ላይ የሚጫን የፒያኖ መተግበሪያም ይበቃል። ሳትጫወቱ ብታነቡት ግን ግማሹ ያመልጣችኋል።

መጀመሪያ ስሞቹን እናጥራ

እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ የታወቀ መምታታት አለ። ባንድ ውስጥ የሚሠራ ሰው የእንግሊዝኛውን ፊደል C ይዞ «ሲ ሜጀር» ሲል ዶ ሜጀርን ማለቱ ነው። በሶልፌዥ የተማረ ሰው ደግሞ «ሲ» ሲል ሰባተኛዋን ድምፅ፣ ከዶ አንድ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብላ የምትገኘውን ማለቱ ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ልምምድ ላይ ሲገናኙ ጭቅጭቅ ይነሳል። እኔ እዚህ የምጠቀመው ሶልፌዥን ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ። ዶ የምለው ሁልጊዜ ያንኑ ቁልፍ ነው፣ ከሁለቱ ጥቁር ቁልፎች በስተግራ ያለውን ነጭ። ሲ ስል ደግሞ ከእሱ በስተግራ ተጠግታ ያለችውን ነጭ ቁልፍ ነው።

የምንሠራው በዶ ሜጀር ስለሆነ ጥቁር ቁልፍ አያስፈልገንም። እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ነጮቹ ይበቁናል።

ደረጃ አንድ፦ ሦስቱን ኮርዶች ሥሩ

ከዶ ተነሱና አንድ ነጭ ቁልፍ እየዘለላችሁ ሦስት ድምፅ ያዙ፦ ዶ፣ ሚ፣ ሶል። ይህ የአንደኛው ደረጃ ኮርድ ነው። ከፋ ተነስታችሁ እንዲሁ አድርጉ፦ ፋ፣ ላ፣ ዶ። ይህ አራተኛው ነው። ከሶል ደግሞ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ታገኛላችሁ። ይህ አምስተኛው ነው።

አሁን ግማሽ ድምፆቹን ቁጠሩ። ከዶ እስከ ሚ አራት ግማሽ ድምፅ አለ፣ ከሚ እስከ ሶል ሦስት። ከፋ እስከ ላ አራት፣ ከላ እስከ ዶ ሦስት። ከሶል እስከ ሲ አራት፣ ከሲ እስከ ሬ ሦስት። ሦስቱም በቅርጽ ፍጹም አንድ ዓይነት ናቸው። ሦስቱም ሜጀር ኮርድ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙ ተማሪ ሳያስተውል የሚያልፈው ነገር ይህ ነው። ቅርጻቸው አንድ ከሆነ አንዱ «ቤት»፣ ሌላው «ከቤት መውጫ»፣ ሦስተኛው «ወደ ቤት ጠሪ» የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ኮርዱን ብቻውን በማየት መልሱን አታገኙም። ኮርድ ብቻውን ሥራ የለውም። ሥራ የሚያገኘው ከጎኑ ካሉት ጋር ሲሰማ ነው።

ይህን በጆሯችሁ አረጋግጡ። ትንሽ ዝም ብላችሁ ከቆያችሁ በኋላ ሶል፣ ሲ፣ ሬን ብቻ ያዙ። ደጋግሙት። ጥሩ፣ የተረጋጋ ኮርድ ነው፤ ዘፈን ሊያልቅበት ይችላል። አሁን ደግሞ ዶ ኮርድን ሦስት ጊዜ፣ ፋ ኮርድን ሁለት ጊዜ፣ እንደገና ዶን ተጫወቱና ሶል ኮርድ ላይ ሄዳችሁ ቁሙ። ያው ኮርድ ነው፣ ያው ጣቶች ናቸው። አሁን ግን አላለቀም። ጥያቄ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል።

ደረጃ ሁለት፦ ሁለቱን ድምፆች ለዩ

አሁን ስኬሉን በሙሉ ከታች ወደ ላይ ተጫወቱት። በአብዛኛው ሙሉ ድምፅ እየተራመደ ይሄዳል። ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራመድበት ሁለት ቦታ አለ፦ ከሚ ወደ ፋ፣ እና ከሲ ወደ ዶ። ፋ ከሚ ጋር ተጣብቃለች፣ ሲ ደግሞ ከዶ ጋር። ሚ እና ዶ ሁለቱም የቤት ኮርዱ አባላት ናቸው። ስለዚህ ፋ እና ሲ የቤቱ የቅርብ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች። አንድ ትንሽ እርምጃ ብቻ ይቀራቸዋል። ያች እርምጃ ትንሽ በመሆኗ ጆሮ እንድትሞላለት አጥብቆ ይፈልጋል።

ሁለቱን አንድ ላይ ምቷቸው፣ ሲን ከታች፣ ፋን ከላይ። ሻካራ ነው፣ ይጎረብጣል። በመካከላቸው ስድስት ግማሽ ድምፅ አለ። ይህ ርቀት ትራይቶን ይባላል። በአንድ ሜጀር ስኬል ውስጥ እንዲህ የሚራራቁ ሌላ ጥንድ የለም፤ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። አሁን ሲን ወደ ዶ አውጧት፣ ፋን ወደ ሚ አውርዷት። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ግማሽ ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ዶ እና ሚ ይቀራሉ። ያ መርገብ ኮርዶችን በሥራቸው የሚለየው የፈንክሽናል ሃርመኒ ልብ ነው። የቀረው ሁሉ ይህን ማዘጋጀት ነው።

እኛ ልጆች ሆነን ስናዜም ያደግንባቸውን ቅኝቶች አስቡ። ሜጀሩ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋ የለም። ሲም የለም። በትክክል እነዚያ ሁለቱ ጎድለዋል! ትዝታ ላይ ያደገ ጆሮ ግማሽ ድምፅ የሌለበት ዜማ ውስጥ ነው ያደገው። ትዝታ ስሜቱን በሌላ መንገድ ያመጣል፤ በዜማው አቅጣጫ፣ በመርገጫው፣ በድምፅ ማወዛወዙ። የሚጎተትና የሚፈታ ኮርድ አያስፈልገውም። ለዚህ ይመስለኛል ብዙ ተማሪዎቼ መጀመሪያ ላይ ሶል ኮርድን ከዶ ኮርድ ጋር እኩል የተረጋጋ አድርገው የሚሰሙት። ጥፋት አይደለም። ጆሯቸው ሲን እንደ ጎታች ድምፅ መስማት ገና መልመድ አለበት። ሜጀሩ ባቲ ግን ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ስለሆነ ሁለቱም አሉት። ባቲ እያዜመ የመጣ ልጅ ይህን ክፍል ቶሎ ሲይዝ አይቻለሁ።

ደረጃ ሦስት፦ አራቱን ኮርዶች በጣት ያዙ

የምንሠራው ቅደም ተከተል በደብተራችሁ `I – IV – V7 – I` ተብሎ የሚጻፈው ነው። አንደኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ ከሶል ሲቆጠር ሰባተኛ ከሆነችው ከፋ ጋር፣ እንደገና አንደኛ። እንዲህ ያዙት። ከላይ ያሉት ሦስት መስመሮች ቀኝ እጅ ናቸው፣ የታችኛው ግራ እጅ ነው።

```
ሚ     ፋ     ፋ     ሚ
ዶ     ዶ     ሲ     ዶ
ሶል    ላ     ሶል    ሶል
---------------------
ዶ     ፋ     ሶል    ዶ
```

ቀኝ እጃችሁ መካከለኛውን ዶ መሃል አድርጎ ይይዛል። ከሱ በታች ያለው ሶልና ከላይ ያለው ሚ አብረውት ናቸው። ግራ እጅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ካለው ዶ ይነሳል፣ ወደ ፋ ይወርዳል፣ አንድ እርምጃ ወደ ሶል ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ዶ ይመለሳል። እያንዳንዱን ኮርድ አራት ምት ያዙት። አትቸኩሉ።

አሁን አንድ በአንድ እንሂድ።

የመጀመሪያው ኮርድ ቶኒክ ነው። ሥራው ቤት መሆን ነው። ፋም ሲም የሉበትም፤ ስለዚህ በውስጡ የሚጎትት ነገር የለም። እዚህ የፈለጋችሁትን ያህል መቆየት ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ሰብዶሚናንት ነው። ቀኝ እጃችሁ ላይ ምን እንደተንቀሳቀሰ እዩ። ሶል ወደ ላ ወጣ፣ ሚ ወደ ፋ ወጣ። መሃሉ ላይ ያለው ዶ ግን አልተነቃነቀም። የሰብዶሚናንት ጠባይ በሙሉ እዚህ ይታያል። አንድ እግሩ ቤት ውስጥ ነው፣ ምክንያቱም ዶ አብሮት አለ። ሌላው እግሩ ወጥቷል፣ ምክንያቱም ፋ መጥታለች። ለዚህ ነው ሰብዶሚናንት ሲሰማ ከቤት የወጣን የሚመስለው፣ ነገር ግን የማያስጨንቀው። ፋ እዚህ ኮርድ ውስጥ ራሷ መሠረት ናት። ባሱም እሷን ነው የያዘው። ስለዚህ ለጊዜው ምቾት አላት፣ ወደ ሚ ካልወረድኩ አትልም።

ሦስተኛው ዶሚናንት ነው። አሁን ዶ ወደ ሲ ወረደ። ቤታችንን ያስታውሰን የነበረው ድምፅ ሄደ፣ በምትኩ ቤቱን ከደጅ ሆና የምትጠራው ሲ ገባች። ላ ወደ ሶል ተመለሰ። ፋ ግን እዚያው ቀረች! ያቺን ትንሿን ጣታችሁን እዩዋት። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ኮርድ ስትሄዱ አልተነሳችም። ከሥሯ ያለው ሁሉ ስለተለወጠ ግን የሷ ትርጉም ተለወጠ። ከአንድ ምት በፊት ባለቤት ነበረች። አሁን ባሱ ሶል ላይ ነው፣ ሲ ከሥሯ ገብታለች፣ እሷ ደግሞ እንግዳ ሆናለች። የሶል ኮርድ ሰባተኛ ድምፅ ሆናለች፣ መውረድም አለባት።

እኔ ይህን ጽንሰ ሐሳብ ለማስረዳት ከፋ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አንዲት ቁልፍ፣ አንዲት ጣት፣ ምንም ሳትንቀሳቀስ፣ ከረጋች ድምፅ ወደምትጎትት ድምፅ ትለወጣለች። ሰብዶሚናንት ለምን ከዶሚናንት በፊት እንደሚመጣም ይህ ይናገራል። ፋን አስቀድሞ በሰላም ያስገባታል። ዶሚናንት ሲመጣ ሲን ብቻ ይጨምርባታል፣ ጉተታውም ሙሉ ይሆናል።

አራተኛው ኮርድ ላይ ሲ ወደ ዶ ትወጣለች፣ ፋ ወደ ሚ ትወርዳለች፣ ሶል ባለበት ይቀራል። ቀኝ እጃችሁ ወደ ጀመረበት ቦታ በትክክል ተመልሷል። መብራት በጠፋበት ማታ ልጅቷ የጨረሰችው ሲን ነው፤ ወደ ዶ ወሰደቻት። አጠገቧ የነበረው ልጅ ቆይቶ «ሚ» ብሎ ተቀበላት፤ እሱ ደግሞ ፋን ጨረሰ። ሁለቱ በጨለማ ውስጥ ሳያውቁት ትራይቶኑን ፈቱት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሦስተኛው ኮርድ ውስጥ ሬ የለችም። ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ መሆን ሲገባው እኛ ሶልን ደግመን ሬን ትተናል። ይህ በአራት ድምፅ አጻጻፍ የተፈቀደ ነው። ከሥሩ በላይ ያለው አምስተኛ ድምፅ ቢቀር ሥራው አይጎድልም፤ ሲ ወይም ፋ ቢቀር ግን ይጎድላል። ፋን አውጥታችሁ ሶልን፣ ሲንና ሬን ብቻ በመያዝ ወደ ዶ ሂዱ። ሲ ብቻዋን ስለምትጎትት ይሠራል፣ ነገር ግን ይለሰልሳል። ከዚያ ፋን መልሷት። ልዩነቱ ወዲያውኑ ይሰማችኋል።

ስሞቹን በተመለከተ፦ ሰብዶሚናንት ማለት ከዶሚናንት አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ማለት ብቻ የሚመስለው ተማሪ አለ። ፋ ከሶል በታች ስለሆነች ያሳስታል። ትርጉሙ «የታችኛው ዶሚናንት» ነው። ሶል ከዶ አምስተኛ ከፍ ብላ እንደምትገኝ፣ ፋ ደግሞ ከዶ አምስተኛ ዝቅ ብላ ትገኛለች። ዶ በሁለቱ መሃል ነው። ኮርዶችን በሦስት ሥራዎች ከፍሎ የማየቱን ሐሳብ በ1893 ባወጣው የሃርመኒ መጽሐፉ በግልጽ ያስቀመጠው ጀርመናዊው ሁጎ ሪማን ነው። ዛሬም አንዳንድ መምህራን ከቁጥር ይልቅ ቲ፣ ኤስ፣ ዲ እያሉ የሚጽፉት ከሱ የመጣ ነው።

ደረጃ አራት፦ የት እንደምትሳሳቱ

የቤት ሥራ ሳርም በብዛት የማገኘው ስህተት ከሰብዶሚናንት ወደ ዶሚናንት በሚደረገው መሻገሪያ ላይ ነው። ፋ እና ሶል ጎን ለጎን ናቸው። ስለዚህ እጅ ሰነፍ ይሆንና ሙሉውን ኮርድ አንድ ቁልፍ ወደ ላይ ያንሸራትተዋል። ላ፣ ዶ፣ ፋ የነበረው ሲ፣ ሬ፣ ሶል ይሆናል፣ ባሱም ከፋ ወደ ሶል ይወጣል።

ምን ተበላሸ? ባሱና የላይኛው ድምፅ ሁለቱም ፋ ነበሩ፣ አሁን ሁለቱም ሶል ሆኑ። ትይዩ ኦክታቭ ነው። ባሱ ፋ፣ መሃሉ ዶ ነበር፤ አሁን ባሱ ሶል፣ መሃሉ ሬ ሆነ። ትይዩ አምስተኛ ነው። አራት የተለያዩ ዘማሪዎች መሆን የነበረባቸው ሁለት ሆነው ቀሩ፣ ምክንያቱም አንዱ ሌላውን እየተከተለ ነው። በጆሮ ሲሰማ ኮርዱ በአንድ ላይ የተገፋ ቁም ሳጥን ይመስላል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ፋ ጠፋች። ያ ሁሉ ዝግጅት ከንቱ ሆነ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ባሱ ሲወጣ ቀኝ እጅ ይውረድ። ከላይ ያለውን ሰንጠረዥ እንደገና እዩት። ባሱ ከዶ ወደ ፋ ሲወርድ ቀኝ እጅ ይወጣል። ባሱ ከፋ ወደ ሶል ሲወጣ ቀኝ እጅ ይወርዳል፣ ፋ ብቻ ትቆያለች። ወረቀት ላይ ስትፈትሹ ባሱን ከእያንዳንዱ ድምፅ ጋር በየተራ አጣምሩ። ኦክታቭ ወደ ኦክታቭ ወይም አምስተኛ ወደ አምስተኛ አብሮ የሄደ ካለ ምልክት አድርጉበት።

ሁለተኛው ስህተት ሲን መደገም ነው። ሁለት ሲ ካላችሁ ሁለቱም ወደ ዶ መሄድ ይፈልጋሉ። ከሄዱ ትይዩ ኦክታቭ ይሆናል፣ አንዷ ካልሄደች ጆሮ ቅር ይለዋል። ስለዚህ በዶሚናንት ኮርድ ውስጥ መደገም ካስፈለገ ሶልን ድገሙ።

ደረጃ አምስት፦ ጆሯችሁን በሁለት ሙከራ ፈትኑ

አንደኛው ሙከራ። ግራ እጅ ሶል ላይ፣ ቀኝ እጅ ሲ እና ፋ ብቻ ይያዝ። አሁን ቀኝ እጅ እንደተለመደው ወደ ዶ እና ሚ ይሂድ፣ ግራ እጅ ግን በዶ ፈንታ ወደ ላ ይውጣ። ቤታችሁ መስሏችሁ የጎረቤት በር እንዳንኳኳችሁ ነው። ሲ ዶን አግኝታለች፣ ፋ ሚን አግኝታለች፣ ሁለቱም ተፈተዋል። መሠረቱ ግን ሌላ ሆኗል። ይህ ዲሴፕቲቭ ኬደንስ፣ አታላይ መዝጊያ፣ ይባላል። የሚያስተምረን ነገር አለ። ላ፣ ዶ፣ ሚ ከቶኒኩ ሁለት ድምፅ ስለሚጋራ በከፊል የቶኒክን ሥራ መሥራት ይችላል፣ ግን አይዘጋም። ዘፈኑን ትንሽ ማስረዘም ሲፈለግ ይህ ኮርድ እዚህ ቦታ ይገባል።

በዚሁ መንገድ ሌሎቹን ኮርዶችም መመደብ ትችላላችሁ። ሬ፣ ፋ፣ ላ ከሰብዶሚናንቱ ጋር ፋ እና ላን ይጋራል፣ ስለዚህ የሱን ሥራ ይሠራል። ሲ፣ ሬ፣ ፋ ደግሞ ሁለቱንም ጎታቾች ስለያዘ ዶሚናንት ነው። ሚ፣ ሶል፣ ሲ አስቸጋሪው ነው፤ ከቶኒኩም ከዶሚናንቱም ሁለት ሁለት ድምፅ ይጋራል። እንደ አካባቢው ይፈረጃል።

ሁለተኛው ሙከራ። ዶሚናንቱን ዝለሉትና ከሁለተኛው ኮርድ በቀጥታ ወደ ቶኒክ ተመለሱ። ላ ወደ ሶል፣ ፋ ወደ ሚ ይወርዳሉ፣ ዶ ይቆማል። በፕሮቴስታንት መዝሙሮች መጨረሻ ላይ ኳየሩ «አሜን» ሲል የምትሰሙት ይህ ነው። ፕላጋል ኬደንስ ይባላል። ይደመድማል፣ ግን በእርጋታ ነው። ሲ ስለሌለች ከታች ወደ ዶ የሚገፋ የለም፣ ዶ ራሱም ከመጀመሪያው አልሄደም ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። ሶል፣ ዶ፣ ሚን በቀኝ እጅ ያዙና ግራውን ሶል ላይ አድርጉ። ድምፆቹ የቶኒክ ናቸው። ከዚህ ተነስታችሁ ወደ ሶል፣ ሲ፣ ፋ፣ ከዚያ ወደ ቤት ሂዱ። ያ የመጀመሪያው ኮርድ ቤት አልነበረም። ባሱ ዶሚናንቱን ቀድሞ ስለያዘ፣ ኮርዱ ለዶሚናንት መግቢያ ሆነ። ፈተና ላይ «የዚህ ኮርድ ሥራ ምንድን ነው?» ሲባል የድምፆቹን ስም ብቻ አይቶ «ቶኒክ» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። ባሱን እዩ፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም እዩ።

ደረጃ ስድስት፦ በላዩ አዚሙበት

አሁን አራቱን ኮርዶች እየተጫወታችሁ አራት ድምፅ አዚሙ፦ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ዶ። በእያንዳንዱ ኮርድ ላይ አንድ ድምፅ። አራቱም የትዝታ ድምፆች ናቸው። ዜማው ፋንም ሲንም አይነካም። ሁለቱ ከሥር፣ ከኪቦርዱ ውስጥ ይመጣሉ፣ ዜማውንም ወደ ቤት ይገፉታል። ሦስተኛው ኮርድ ላይ የምታዜሟት ሬ ደግሞ ቅድም ከቀኝ እጅ የተውናት ሬ ናት። አፋችሁ ኮርዱን ሞላው።

ይህን የማስዘምረው ለጆሮ ልምምድ ነው። ትዝታ ሁልጊዜ እንዲህ መታጀብ አለበት ማለቴ አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ እያንዳንዱ የትዝታ ስንኝ ሥር `V7` የሚያስገባ ኪቦርድ ሲሰማኝ ዜማው የጠበበ ይመስለኛል። ክራር ወይም ማሲንቆ ይዞ የሚያዜም ሰው ወደ ቤት ለመመለስ ሲን አይፈልግም። ቶኒክ፣ ሰብዶሚናንትና ዶሚናንት የአውሮፓ ሙዚቃ በተለይ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሠራበትን መንገድ ያብራራሉ። ቅኝትን ለማብራራት የተሠሩ አይደሉም። በብሉዝም ዶሚናንት ወደ ሰብዶሚናንት ወደ ኋላ ሲሄድ ትሰማላችሁ። የሃርመኒ የቤት ሥራ ላይ ግን ይህን ብታደርጉ ነጥብ ይቀነስባችኋል። ሁለቱ ስፍራቸው ይለያያል።

ደረጃ ሰባት፦ ቤቱን ቀይሩት

የመጨረሻው ሥራ አራቱን ኮርዶች ወደ ሶል ሜጀር ማዛወር ነው። እዚህ አንድ ጥቁር ቁልፍ ያስፈልጋችኋል፣ ፋ ሻርፕ። ቶኒኩ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ይሆናል። ሰብዶሚናንቱ ዶ፣ ሚ፣ ሶል። ዶሚናንቱ ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ከሰባተኛ ድምፁ ከዶ ጋር።

የጠፋውንና የመጣውን እዩ። ነጯ ፋ ሄደች፣ ፋ ሻርፕ መጣች። አሁን ጎታቾቹ ዶ እና ፋ ሻርፕ ናቸው። ፋ ሻርፕ ወደ ሶል ትወጣለች፣ ዶ ወደ ሲ ይወርዳል። እስካሁን ቤት ነበረ ያልነው ዶ አሁን መውረድ ያለበት ድምፅ ሆነ። ጎታች የነበረችው ሲ ደግሞ የቤት ኮርዱ አባል ሆነች። ያንኑ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ኮርድ በዶ ሜጀር እንደ ቶኒክ፣ በሶል ሜጀር እንደ ሰብዶሚናንት እያፈራረቃችሁ ተጫወቱት። እንደ ቶኒክ ስትፈልጉት ቀድማችሁ ሶል፣ ሲ፣ ፋን ምቱ። እንደ ሰብዶሚናንት ስትፈልጉት ደግሞ ቀድማችሁ ሶል፣ ሲ፣ ሬን ያዙ፣ ከኋላው ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ዶን አምጡና ሶል ላይ ጨርሱ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ መብራት ነበረ። አራቱን ኮርዶች በሶል ሜጀር ጥቂት ጊዜ ደጋገምኩና ሦስተኛው ላይ ሆን ብዬ እጄን አነሳሁ። ያቺው ልጅ ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ «ሶል» ብላ አዜመች።